መደምደሚያው ከመግቢያው በላይ ምን ያውቃል?

ብዙ የተማሪ ድርሰት ያነበበ ሰው የመደምደሚያውን አንቀጽ ሳያነበው ያውቀዋል። «በአጠቃላይ» ብሎ ይጀምራል፣ «ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ይቀጥላል፣ «መንግሥት፣ ባለሀብቱና ኅብረተሰቡ ተቀናጅተው ሊሠሩ ይገባል» ብሎ ያርፋል። ርዕሱ የደን መጨፍጨፍም ይሁን የትራፊክ አደጋ ለውጥ የለውም። ግሎባላይዜሽንና ሠራተኛ በሚለው ርዕስ ላይ ሲሆን ግን ችግሩ ጎልቶ ይወጣል፤ ምክንያቱም ይህ ርዕስ ሲጀመር ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይላል፣ በደንብ ከተመረመረ ደግሞ መጨረሻው ላይ ያንን ነገር መድገም አይቻልም።

እንዲህ ያለ ድርሰት በየሴሚስተሩ ከሚቀርቡት ውስጥ አይጠፋም፤ ከብዙዎቹ አንድ አምሳያ ልሥራና በእሱ ላይ እንነጋገር። ድርሰቱ ሦስት ገጽ ነው፣ የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ ይዟል። መግቢያው ይህ ነው፦

«ግሎባላይዜሽን የዓለም አገሮችን በንግድ፣ በቴክኖሎጂና በሰው ኃይል ያስተሳሰረ ሂደት ነው። ለታዳጊ አገሮች የሥራ ዕድል ቢፈጥርም ዝቅተኛ ደመወዝንና የጉልበት ብዝበዛንም አስከትሏል። ይህ ድርሰት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን እንደ ምሳሌ በመውሰድ ግሎባላይዜሽን በሠራተኛው ላይ ያለውን ጠቀሜታና ጉዳት ይመረምራል።»

መደምደሚያው ደግሞ ይህ፦

«በአጠቃላይ ግሎባላይዜሽን ለታዳጊ አገሮች የሥራ ዕድል የፈጠረ ቢሆንም ዝቅተኛ ደመወዝንና ብዝበዛን አስከትሏል። ከላይ ለማየት እንደተሞከረው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጠቀሜታውም ጉዳቱም ታይቷል። ስለሆነም መንግሥት፣ ባለሀብቶችና ሠራተኞች ተቀናጅተው ጠቀሜታውን ሊያሳድጉ፣ ጉዳቱን ሊቀንሱ ይገባል።»

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉና መሐል ያለውን ሐተታ በወረቀት ሸፍኑት። መደምደሚያውን ወደ ላይ፣ መግቢያውን ወደ ታች ብናዛውራቸው «ከላይ» የሚለውን ቃል ከማውጣት በቀር የሚጎድል ነገር የለም። ይህ የመጀመሪያው መፈተኛ ነው፤ ቦታ መለዋወጥ ከቻሉ መደምደሚያው ሐተታው ባይኖርም ሊጻፍ ይችል ነበር ማለት ነው። ጸሐፊዋ ሁለት ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ገብታ ያገኘችው ነገር ሁሉ መጨረሻው አንቀጽ ላይ አልደረሰም።

ልማዱ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። አንደኛው ምንጩ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። በየዩኒቨርሲቲያችን የሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ አምስቱ «ማጠቃለያ፣ መደምደሚያና የመፍትሔ ሐሳቦች» የሚል ርዕስ ይይዛል። ሰማንያ ገጽ ላነበበ ፈታኝ፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ ያየውን ለማስታወስ ማጠቃለያ ያስፈልገዋል፤ የመፍትሔ ሐሳብም ጥናቱ አንድ መሥሪያ ቤት ላይ ከሆነ የሚሰማው ሰው አለ። ያ ቅርጽ ወደ ሦስት ገጽ ድርሰት ሲወርድ ግን አንባቢው ከአምስት ደቂቃ በፊት ያነበበው ነገር ይደገምለታል፣ ከዚያም ማን እንደሚሰማው የማይታወቅ ምክር ይከተላል። ሌላው ምንጭ ንግግር ነው። አዳራሽ ውስጥ ያለ አድማጭ ገጽ መልሶ ማየት ስለማይችል ተናጋሪው መጨረሻ ላይ ዋና ነጥቦቹን ይደግምለታል፤ ትክክልም ነው። አንባቢ ግን እጁ ላይ ወረቀቱ አለ።

ወደ ድርሰታችን ሐተታ እንግባ። አራት አንቀጾች አሉት፤ ሁሉም ጥሩ ናቸው።

የመጀመሪያው አንቀጽ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ መመረቁን፣ ከአካባቢው ገጠርና ከተሞች የመጡ፣ አብዛኛዎቹ ወጣት ሴቶች የሆኑ ብዙ ሺህ ሠራተኞች መቀጠራቸውን፣ ከገቡት ኩባንያዎች መካከል ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የሚባሉትን የልብስ ስሞች የያዘው የአሜሪካው ፒቪኤች ዋነኛው እንደነበረ ይናገራል።

ሁለተኛው የደመወዝ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የልብስ ፋብሪካዎች ባወጡት ዘገባ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም ዋና ዋና የልብስ አምራች ከሚባሉት አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደነበረ አሳይተዋል፤ ባንግላዴሽ ያኔ 95 ዶላር ነበረች። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ የደመወዝ ወለል አልነበረም። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢናገርም ቦርዱ ወለሉን ወዲያው አልቆረጠም።

ሦስተኛው አንቀጽ ስለ መልቀቅ ነው። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ሥራ ካመለከቱ ወደ አንድ ሺህ ከሚሆኑ ሰዎች መካከል ማን እንደሚቀጠር በዕጣ እንዲወሰን አድርገው ሁኔታቸውን ተከታትለዋል። ከተቀጠሩት ውስጥ በአንድ ዓመት ጊዜ 77 በመቶው ለቀው ወጥተዋል። የፋብሪካው ገቢ ተራ የጉልበት ሥራ ወይም አነስተኛ ንግድ ከሚያስገኘው ብዙ አይበልጥም ነበር፤ የጤና ችግሩ ግን ከፍ ያለ ነበር።

አራተኛው «አጎዋ» ስለሚባለው የአሜሪካ ሕግ ነው። ሕጉ ከአፍሪካ የሚላክ ልብስ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ይፈቅድ ነበር። ያለ እሱ አንድ የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ 16.5 በመቶ፣ በሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ደግሞ 32 በመቶ ቀረጥ ይከፈልበት ነበር። አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት በተፈጸሙ የሰብአዊ መብት ጥሰቶች ምክንያት ኢትዮጵያን ከተጠቃሚነት እንደምታስወጣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አስታወቀች፤ ውሳኔው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ላይ ተፈጻሚ ሆነ። ፒቪኤችም ፋብሪካውን ዘግቶ እንደሚወጣ በኅዳር 2014 ተናገረ።

ሐተታው ይህን ሁሉ ካወቀ በኋላ መደምደሚያው «ጠቀሜታውም ጉዳቱም ታይቷል» ብሎ መጨረስ የለበትም። ግን ሌላ ምን ይባላል? ተማሪ ተቀምጦ መደምደሚያ ሲያስብ አብዛኛውን ጊዜ መግቢያውን ይመለከታል፤ ያኔ እጁ የሚጽፈው ዓይኑ ያየውን ነው። እኔ የማስደርገው ሌላ ነው። መግቢያውን እጠፉትና በእያንዳንዱ የሐተታ አንቀጽ ጠርዝ ላይ በእርሳስ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ይህን አንቀጽ ከጻፍኩ በኋላ የማውቀው፣ መግቢያውን ስጽፍ የማላውቀው ነገር ምንድን ነው?

በድርሰታችን እንሞክረው። ከአንደኛው አንቀጽ ጠርዝ ላይ የሚጻፍ ነገር ያጣሉ። ፓርኩ ሥራ መፍጠሩን መግቢያው ነግሮናል። ባዶ ጠርዝም አንድ ነገር ይናገራል፤ ያ አንቀጽ መደምደሚያው ላይ ድርሻ የለውም፣ ምናልባትም ማጠር አለበት።

ሁለተኛው አንቀጽ መጀመሪያ ሲያዩት መግቢያውን ብቻ የሚያረጋግጥ ይመስላል፤ ደመወዙ ዝቅተኛ ነው፣ ተባለ፣ ቁጥር ተጨመረበት። ቀረብ ብለው ካዩት ግን ሌላ ነገር አለው። የ26 ዶላሩ ደመወዝ ሥራው ከመጣ በኋላ የተከተለ ጉዳት አይደለም፤ ባለሀብቱን ከጠሩት ምክንያቶች አንዱ ራሱ ነው። ደመወዝ ርካሽ ስለሆነ ነው ሥራው የመጣው። ስለዚህ መግቢያው «ጠቀሜታ» ብሎ በአንድ በኩል፣ «ጉዳት» ብሎ በሌላ በኩል ያስቀመጣቸው ነገሮች ሁለት አይደሉም። አንድ ውል ናቸው። በእርሳስ የሚጻፈው ይህ ነው፤ እናም ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የመግቢያውን አከፋፈል ታፈርሰዋለች።

ሦስተኛው አንቀጽ ደግሞ መግቢያው ያላሰባትን ሰው ያመጣል። መግቢያው ሠራተኛዋን አንድ ነገር የሚደረግባት ሰው አድርጎ ነበር የሣላት፤ ሥራ ይሰጣታል፣ ትበዘበዛለች። ሐተታው ውስጥ ግን እሷ ታሰላለች። ደመወዙን፣ የቤት ኪራዩን፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋሉን፣ እናቷ ጋር ብትመለስ ወይም ጉሊት ብትይዝ የምታገኘውን ታወዳድርና ትወጣለች። ማኅበር አቋቁሞ በደመወዝ መደራደር አስቸጋሪ በሆነበት ቦታ መልቀቅ የድርድር ዓይነት ነው፤ ባለፋብሪካውም ዋጋውን ይከፍላል፣ ለሦስት ወር ያሠለጠናት ልጅ ስትወጣ ሌላ ያሠለጥናልና።

አራተኛው አንቀጽ ላይ የሚጻፈው፦ የሥራው ዕድሜ የተወሰነው በደመወዝም፣ በምርታማነትም፣ በሠራተኛዋ ጠባይም አይደለም። ውሳኔው የተሰጠው የስፌት መኪናው ካለበት አዳራሽ ውጭ ነው፤ ከፊሉ ዋሽንግተን፣ ከፊሉ ጦርነቱን በሚመሩት ሰዎች ዘንድ።

አሁን በእርሳስ የተጻፉትን ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች አንድ ላይ አንብቧቸው። ሥራውና ርካሽ ደመወዙ አንድ ውል ናቸው። ሠራተኛዋ ከውሉ መውጣት ትችላለች፣ ቃሉን መለወጥ ግን አትችልም። ውሉ እንዲቆይ ወይም እንዲፈርስ የሚያደርጉት ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ የሌሉ ሰዎች ናቸው። ከዚህ የሚወጣው ሐሳብ መግቢያው ላይ አልነበረም፦ በዚህ ዓይነቱ ግሎባላይዜሽን ውስጥ ስለ ሠራተኛ ሲነሳ መጠየቅ ያለበት ደመወዙ ስንት ነው የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የሚወስነው ማን ነው፣ ሲቋረጥስ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። መደምደሚያው ተገኘ ማለት ነው፤ ገና አልተጻፈም እንጂ።

እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ በተቃራኒው አቅጣጫ ይስታል። መድገም ነውር መሆኑን ከሰማ በኋላ ይበራል። «ይህ የሚያሳየው ግሎባላይዜሽን አዲሱ ቅኝ ግዛት መሆኑን ነው» ብሎ ይጽፋል፣ ወይም «የዓለም የንግድ ሥርዓት ከሥሩ ካልተለወጠ መፍትሔ የለም»። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። አንድ ፓርክ፣ አንድ የደመወዝ ዘገባ፣ አንድ ጥናትና አንድ የቀረጥ ሕግ ያነሳ ሦስት ገጽ ጽሑፍ ግን ያንን ያህል አይሸከምም። መደምደሚያው ከሐተታው የሚያልፍበት ልክ አለው፤ ሐተታው እስካመጣው ጫፍ ሄዶ እዚያ ላይ ቆሞ ወደ ፊት ማየት ይችላል፣ ከዚያ ወዲያ ግን መዝለል አይችልም።

ልኩ የሚታወቀው ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ «ስለ ማን ነው የምትናገረው?» ብሎ በመጠየቅ ነው። የብላትማንና የደርኮን ጥናት ስለ ሐዋሳ ፓርክ አይደለም። አምስቱ ድርጅቶች ሌላ ቦታ የነበሩ ናቸው፣ ሁሉም ልብስ ሰፊዎች አልነበሩም፣ የአበባ እርሻም ነበረባቸው። ስለዚህ መደምደሚያው ላይ «በሐዋሳ ከሠራተኞቹ 77 በመቶው ለቀዋል» ተብሎ ቢጻፍ ሐሰት ይሆናል። የኒውዮርኩ ዘገባ በሐዋሳ ፋብሪካዎችም ሠራተኛ በብዛት ይለቅ እንደነበረ ስለሚናገር ሁለቱን ተደጋግፈው እንዲቆሙ ማድረግ ይቻላል፤ ቁጥሩን ግን ከባለቤቱ ነጥቆ ለሌላው መስጠት አይቻልም። እንዲህ ያለው መንሸራተት የሚከሰተው አብዛኛውን ጊዜ መደምደሚያ ላይ ነው። ጸሐፊው ደክሟል፣ ምንጩን መልሶ አያይም፣ ከትዝታው ይጽፋል።

የቀኖቹም ቅደም ተከተል እንዲሁ ነው። «አጎዋ ስለተቋረጠ ፒቪኤች ወጣ» የምትል ዓረፍተ ነገር አጭርና ማራኪ ናት። ኩባንያው እንደሚወጣ የተናገረው ግን ውሳኔው ይፋ ከሆነ በኋላ፣ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ነው፤ የሰጠውም ምክንያት በአገሪቱ የነበረው ሁኔታ በፍጥነት መባባሱን ነው። ጦርነቱም የገበያው መዘጋትም ተደራርበው የመጡ ናቸው። አንዱን ብቻ ምክንያት ያደረገ መደምደሚያ ሐተታው የያዘውን ውስብስብ ነገር መልሶ ያቀልለዋል፤ መድገም ባይሆንም ከመድገም አይሻልም።

ሌላው ፈተና መጨረሻው አንቀጽ ላይ አዲስ ማስረጃ ማስገባት ነው። ስለ ልብስ ሰፊዎች የሚጽፍ ሰው ራና ፕላዛን መርሳት ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2013 ከዳካ አጠገብ ይኸው ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኛዎቹ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ታሪኩ ልብ ይነካል፣ ስለዚህ ተማሪው መደምደሚያው ላይ ያመጣዋል። አንባቢው ግን ግራ ይገባዋል፤ ድርሰቱ አለቀ ሲባል ሌላ ድርሰት ተጀመረ። ራና ፕላዛ የሚያስፈልግ ከሆነ ቦታው ሐተታው ነው፣ የሚያስፈልገውም ስላሳዘነን ሳይሆን ለጥያቄያችን የሚጨምረው ነገር ስላለው መሆን አለበት።

በዚህ ድርሰት ይጨምራል ብዬ አምናለሁ። ከአደጋው በኋላ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ልብስ ገዢ ኩባንያዎች፣ አብዛኛዎቹ የአውሮፓ፣ ከዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ጋር በሕግ የሚያስገድድ ስምምነት ፈርመዋል። ልብስ የሚያሰፉባቸው የባንግላዴሽ ፋብሪካዎች በገለልተኛ መሐንዲሶች ይፈተሻሉ፤ ጥገናውን እምቢ ያለ ፋብሪካ ትእዛዝ ይቋረጥበታል። ከዚያ በፊት ገዢው «ፋብሪካው የእኔ አይደለም» ማለት ይችል ነበር። ይህ ከሐዋሳው ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፦ ፋብሪካው ውስጥ የሌለ ወሳኝ በስሙ ተጠርቶ በውል ሊታሰር ይችላል ማለት ነው። ስምምነቱ ግን የእሳትና የሕንፃ ደኅንነት እንጂ የደመወዝ ወይም የትእዛዝ ዕድሜ ጉዳይ አልነበረም። ስለዚህ አንደኛውን አንቀጽ አሳጥረን ያገኘነውን ቦታ ለዚህ ለአምስተኛው እንሰጠዋለን።

እንግዲህ መጻፍ። የመጀመሪያው ረቂቅ ይህን ይመስላል፦

«የሐዋሳዋ ሠራተኛ ሁለት ነገር መወሰን ትችል ነበር፤ መግባትና መውጣት። ደመወዙ ላይ የነበራት ድምፅ ትንሽ፣ የሥራው ዕድሜ ላይ ደግሞ ምንም ነበር። ባለሀብቱን የጠራው ርካሽ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ከቀረጥ ነፃ የሆነ ገበያም ስለነበረ፣ ጦርነቱና የገበያው መዘጋት በ2014 ተደራርበው ሲመጡ ርካሽነቱ ሥራውን ሊያድነው አልቻለም። ስለዚህ ሥራውን በአንድ በኩል፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ በሌላ በኩል አድርጎ የትኛው ይበልጣል ብሎ መጠየቅ ነገሩን አይገልጸውም፤ ሁለቱ የአንድ ውል አንቀጾች ናቸው፣ ውሉን የሚያፈርሰው እጅም ያለው ከፋብሪካው ውጭ ነው። የባንግላዴሹ ስምምነት እንዲህ ያለው እጅ በሕግ ሊያዝ እንደሚችል አሳይቷል፤ የያዘው ግን የሕንፃውን ደኅንነት ብቻ ነው። ትእዛዝ ሲቋረጥ ሥራ ያጣችው ልጅ የሚቀጥሉትን ወራት በምን ትኑር ለሚለው ጥያቄ እስካሁን የፈረመ የለም።»

ከመጀመሪያው መደምደሚያ በብዙ ይሻላል፣ ግን በቀይ እስክሪብቶ የምነካው አለ። «ሥራውን ሊያድነው አልቻለም» የሚለው ከልክ ያለፈ ነው። ፒቪኤች ወጣ፣ ብዙ ሠራተኞችም ተቀነሱ፤ ፓርኩ ግን አልተዘጋም፣ የቀሩ ፋብሪካዎች ነበሩ። «የብዙዎችን ሥራ» ሲባል ይስተካከላል። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርም ታሰጋኛለች። «እስካሁን የፈረመ የለም» ማለት በዓለም ላይ ያሉ ስምምነቶችን ሁሉ አይቻለሁ ማለት ነው፤ ጸሐፊዋ ግን ያየችው ሁለት ጉዳይ ነው። «በሐዋሳም በዳካም በተፈረሙት ወረቀቶች ውስጥ መልስ አላገኘም» ብትልስ? የሐዋሳን ውሎች ስላላነበበች ያም አይሆንም። «እዚህ በታዩት ሁለት ጉዳዮች ውስጥ መልስ አልተገኘም» ይበቃል። ድምቀቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን የምታውቀውን ያህል ነው የተናገረችው፤ ጥያቄውም አሁን የራሷ ነው፣ ቀጣዩን ጥናት የምትጀምርበት።

ምክር የሚለው ክፍል የት ሄደ የሚል ይኖራል። አስተማሪ ከጠየቀ ይሰጠው። ግን «ተቀናጅተው ሊሠሩ ይገባል» የሚለው ምክር አይደለም፣ ማንንም ምንም አድርግ አይልምና። ከአዲሱ መደምደሚያ የሚወጣ ምክር ቢኖር አድራሻ ይኖረዋል፦ ለምሳሌ አንድ ኩባንያ በመንግሥት በተገነባ ፓርክ ውስጥ ሼድ ሲከራይ በድንገት ቢወጣ ለሠራተኞቹ የሚከፈል ገንዘብ አስቀድሞ እንዲያስቀምጥ የኪራይ ውሉ ላይ ይግባ የሚል። ይህን ሐሳብ ሊቃወሙት ይቻላል፤ ባለሀብት ያሸሻል፣ ርካሽነትን ለመሸጥ በምንፎካከርበት ገበያ ጎረቤት አገር ይወስደዋል ይባላል። ጥሩ። ሊቃወሙት የሚቻል መሆኑ ራሱ የሆነ ነገር መናገሩን ያሳያል፤ «ተቀናጅተው ሊሠሩ ይገባል»ን የሚቃወም ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

በተረት መዝጋትም የምንወደው ነገር ነው፤ እኔም እወደዋለሁ፣ በወግ ላይ። እንዲህ ባለው ድርሰት ላይ ግን ተረቱ የጸሐፊዋን ሥራ ይቀማታል። አራት አንቀጽ ሙሉ ስለ ቀረጥና ስለ ደመወዝ ስታስብ ቆይታ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሰው ከልጅነቱ የሚያውቀውን ነገር ብትናገር፣ አንባቢው የሚጨበጭበው ለአባቶች ነው።

የፈተና ክፍል ውስጥ በአርባ ደቂቃ ለሚጻፍ ድርሰት ይህ ሁሉ አይሆንም፤ ገጾቹን ለማጠፍም ጊዜ የለም። እዚያ ላይ የምመክረው ቀለል ያለ ነው። ከሐተታው አንቀጾች መካከል በጣም ያስገረማችሁን አንዱን ብቻ ምረጡና መደምደሚያውን ከእሱ ጀምሩ፤ «በአጠቃላይ» ሳይሆን «ሠራተኞቹ ይህን ያህል ቶሎ የሚለቁ ከሆነ» ብላችሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር መግቢያውን ሊደግም ቢፈልግ እንኳ አይመቸውም።

ጊዜ ላለው ግን አንድ ሥራ ይቀራል። አዲሱ መደምደሚያ ከአሮጌው መግቢያ ጋር አይሄድም፤ አንደኛው ጠቀሜታና ጉዳት እመዝናለሁ ሲል ሌላው ሚዛኑ አይሠራም ይላል። ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ደርሰው መደምደሚያውን መልሰው ወደ መግቢያው ይጎትቱታል። መጎተት ያለበት መግቢያው ነው። የግሎባላይዜሽን ትርጉም የሰጠችው የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ትውጣ፤ አንባቢው ቃሉን ያውቀዋል። መልሱ አስቀድሞ እንዳይነገር ተጠንቅቆ ጥያቄው ብቻ ይጥበብ፦

«በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ በብዙ ሺህ ለሚቆጠሩ ወጣቶች የፋብሪካ ሥራ ይዞ መጣ። ከስድስት ዓመት በኋላ ትልቁ ገዢ ወጥቶ ነበር። ብዙውን ጊዜ ክርክሩ ሥራው ለሠራተኛው ጠቀመው ወይስ ጎዳው የሚል ነው። ይህ ድርሰት ከዚያ በፊት የሚመጣ ነገር ይጠይቃል፤ ሥራው እንዲመጣም እንዲሄድም ያደረጉት እነማን ናቸው?»

ርዕሱም መነካቱ አይቀርም። «ግሎባላይዜሽን በሠራተኛው ላይ ያለው ጠቀሜታና ጉዳት» የሚለው ሽፋኑ ላይ ከቀረ አንባቢው የሌለ ድርሰት ይጠብቃል።